«ማለት ነው» ወይስ «ሊሆን ይችላል»? ስለ ማስት፣ ካንት እና ማይት የተሰጠ ምላሽ

«ሥዕል አይቶ ባዶ ቦታ መሙላት ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ነገሩን ስለሚያካብዱት ነው። አራት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ ማስት ‹አለበት›፣ ካንት ‹አይችልም›፣ ማይት ‹ይችላል› ማለት ስለሆነ ወደ አማርኛ መልሱና የሚስማማውን ክበቡ። ሁለተኛ፣ 100 በመቶ እርግጠኛ ከሆናችሁ ማስት፣ 50 በመቶ ከሆናችሁ ማይት፣ 0 ከሆነ ካንት ነው። ሦስተኛ፣ ማስት በአሉታ ሲመጣ ማስንት ይሆናል። አራተኛ፣ ሥዕሉን ደህና አድርጋችሁ ካያችሁ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፤ ከተጠራጠራችሁ ማይት ጻፉ፣ ማይት ስህተት አይሆንም።»

ይህንን ምክር ያገኘሁት አንድ ተማሪዬ በእጁ ገልብጦ የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ጽፎት ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ምክሩን ፊደል በፊደል ተከትሎ ከአሥር ጥያቄ ስድስቱን ሳተ። ስለዚህ የምመልሰው ለምክሩ ጸሐፊ ብቻ አይደለም፣ ለእሱም ጭምር ነው። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል እጽፈዋለሁ፤ ድምፁን ስትሰሙ ቃሉን ታውቁታላችሁ።

አንደኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የቀሩት ስህተቶች ሁሉ የሚመነጩት ከእሱ ነው። ልጁ ከሳታቸው ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ነበር። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰውዬ የሕንፃ ደረጃ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቋል፣ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል፣ አጠገቡ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች አሉ፣ ከጀርባው ያለው ሊፍት ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ 9 ቁጥር ተጽፏል። ከሥሩ «ሂ ___ ቢ ታየርድ» ይላል። ልጁ ማይት ብሎ ሞላ። ለምን ማስት እንዳላለ ስጠይቀው የመለሰልኝ እስካሁን ያስቀኛል፦ «ቲቸር፣ ‹መድከም አለበት› ብሎ ማን አዘዘው?»

ልጁ እውነቱን ነው። «መድከም አለበት» ማለት በአማርኛ ትእዛዝ ነው። ስህተቱ የእሱ አይደለም፣ ቃል በቃል ተርጉሙ ያለው ምክር ስህተት ነው። አማርኛ ግዴታንና ከማስረጃ የመነጨ ግምትን በአንድ ዓይነት አነጋገር አይናገርም። «መምጣት አለበት» ስል ሰውየው ላይ ግዴታ ጣልኩበት። «መጥቶ መሆን አለበት» ስል ግን ምንም አላዘዝኩም፤ ጫማውን በር ላይ አይቼ ነው የምናገረው። ልዩነቱን የፈጠረችው «መሆን» የምትባለው ቃል ናት። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በማስት ስለሚናገር ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የትኛውን «አለበት» እንደሚመርጥ ካላወቀ ይጠፋበታል።

ስለዚህ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን መልሱ፣ ስትመልሱም «ሆነ»ን አስገቡበት። የደረጃው ሰውዬ «ደክሞት መሆን አለበት» ከተባለ ማስት ነው። «ደክሞት ሊሆን ይችላል» ወይም «ደክሞት ይሆናል» ከተባለ ማይት ነው። «ደክሞት ሊሆን አይችልም» ከተባለ ካንት ነው። በሦስቱም ውስጥ «ሆነ» አለች። ከሌለች የያዛችሁት አብዛኛውን ጊዜ የግምቱን ሳይሆን የግዴታውን ወይም የችሎታውን ትርጉም ነው። «ይዋኛል ብለህ ነው? አይችልም» ስንል የምንናገረው ስለ ሰውየው ክንድ ነው፤ «እሱ ሊሆን አይችልም» ስንል ግን ስለ ራሳችን ማስረጃ ነው። ካንትም እንደዚሁ ሁለት ፊት አለው።

ይህ መንገድ ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩትን ሌላ ነገርም ይፈታል፤ እሱም ከማስት ቀጥሎ የሚመጣው ግስ መልክ ነው። «ሂ ማስት ወርክ» የሚለውን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ግዴታ ነው፦ መሥራት አለበት። አሁን ሥራ ላይ ነው ብሎ ለመገመት «ሂ ማስት ቢ ወርኪንግ» ይባላል። አማርኛውም እንደዚያው ይቀየራል፦ «እየሠራ መሆን አለበት»። ላለፈ ነገር «ማስት ሃቭ» ይመጣና ሦስተኛው የግስ መልክ ይከተላል፤ በእኛ «ሠርቶ መሆን አለበት»። ማለትም የእኛ «እየ» ከእነሱ «ቢ» እና «ኢንግ» ጋር፣ የእኛ «ሠርቶ፣ ሄዳ፣ ረስቶ» ደግሞ ከእነሱ «ሃቭ» ጋር ይገጥማሉ። እንደ ማወቅ፣ መኖር፣ መውደድና ባለቤት መሆን ያሉ ሁኔታን የሚናገሩ ግሶች ግን ያለ «ኢንግ» ለግምት ያገለግላሉ፦ «ሺ ማስት ኖው ሂም»፣ የምታውቀው ሰው መሆን አለበት። ባዶው ቦታ ቀጥሎ «ቢ» ወይም «ሃቭ» ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተጠየቃችሁት ግምት ነው። ግን «ዩ ማስት ቢ ኳየት» ሲባል «ቢ» እያለም ትእዛዝ ነውና በዚህ ምልክት ብቻ አትመኑ።

ከሁሉም በላይ የሚረዳው ግን ሌላ አነጋገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለምንጠቀምበት ልብ አንለውም። መብራቱ በርቶ አይተን «ቤት አለ ማለት ነው» እንላለን። ይህ «ማለት ነው» እንግሊዝኛው በማስት የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፦ አንድ ነገር አይቼ፣ ያላየሁትን ሌላ ነገር ከእሱ አወጣሁ። የአሉታ ግስ ላይ ሲመጣ ደግሞ ካንት ይሆናል። «ቦርሳዋ እዚህ ነው፤ አልሄደችም ማለት ነው»፦ «ሺ ካንት ሃቭ ጎን»። ማስረጃችሁን ተናግራችሁ ቀጥሎ «ማለት ነው» ስትሉ ጆሯችሁ ከተቀበለው ማስት ወይም ካንት ነው፤ ጆሯችሁ «ኧረ፣ ሊሆን ይችላል በል እንጂ» ካለ ማይት ነው። ደረጃውን በዚህ ሞክሩት፦ «ሊፍቱ አይሠራም፣ ሁለት ሻንጣ ይዞ ዘጠነኛ ፎቅ ወጥቷል፣ ላቡን ይጠርጋል፤ ደክሞታል ማለት ነው።» ማንም አይከራከርም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ «ሳይደክመው አይቀርም» የሚለው። ሁለት አሉታ ስላለበት ተማሪዎች «አይ» ሲያዩ ወደ ካንት ይሮጣሉ። ትርጉሙ ግን ወደ አዎንታ ያደላ ነው፤ «ደክሞታል ብዬ አምናለሁ፣ ግን አልምልም» እንደማለት። በእንግሊዝኛ የሚገጥመው «ፕሮባብሊ» ነው። በሦስቱ ምርጫ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በአእምሯችሁ እሱ ከመጣ ወደ ሥዕሉ ተመለሱና ሌላውን አማራጭ የሚዘጋ ነገር ፈልጉ። ካገኛችሁ ማስት፣ ካላገኛችሁ ማይት።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ መማሪያዎች ላይም ስላለ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። ለመጀመሪያ ቀን ማስተዋወቂያ እንኳ ይሁን፤ ጥያቄ ለመመለስ ግን አይሆንም። አንድ ከረጢት ውስጥ 100 ኳሶች አሉ እንበል፤ 99ኙ ቀይ፣ 1 ነጭ። ሳላይ አንዱን አወጣሁና በእጄ ጨበጥኩት። ቀይ የመሆኑ ዕድል 99 በመቶ ነው። ታዲያ «ኢት ማስት ቢ ሬድ» ልበል? አልልም። ነጩ ገና አልተወገደምና «ኢት ማይት ቢ ዋይት» ማለት ትክክል ነው፤ በ1 በመቶ ዕድል ማይት ቆሟል። ሚሊዮን ትኬት የተሸጠበት ሎተሪ ላይ አንድ ትኬት የያዘ ሰውም «አይ ማይት ዊን» ይላል፤ ማሸነፍ ሊሆን የማይችል ቢሆን ኖሮ ትኬቱን አይገዛም ነበር። አሁን ከረጢቱን ልቀይረው። ከመቶው 60ው ቀይ፣ 40ው ነጭ ነው፤ ከዚያ 40 ነጭ ኳሶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው አየሁ። በእጄ ያለው «ማስት ቢ ሬድ»። ቀይ የበዛው በመጀመሪያው ከረጢት ነበር፤ ማስት የመጣው ግን በሁለተኛው ነው። ለውጡ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ነጩ መንገድ መዘጋቱ ላይ ነው።

እንግዲህ ሦስቱ ቃላት የሚለዩት በስሜታችን መጠን አይደለም። ማስረጃው ከፊታችን የተወውን አማራጭ እንቁጠር። አንድ ብቻ ከቀረ፣ ያንን በማስት እንናገራለን። ከአንድ በላይ ከቀሩ፣ እያንዳንዱን በማይት እንናገራለን። የተጠየቅነው አማራጭ ከተወገዱት ውስጥ ከሆነ ካንት ነው። የማስት እና የካንት ዝምድናም ከዚህ ይመጣል፦ አንዱን በማስት ባረጋገጥን ቁጥር ሌሎቹን በካንት ዘግተናል። በእጄ ያለው ኳስ «ማስት ቢ ሬድ» ከሆነ፣ «ካንት ቢ ዋይት» ነው።

100 በመቶ የሚለው ቁጥር ሌላም ነገር ይሸፍናል። ሙሉ እርግጠኛ የሆነ ሰው፣ ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ማስት አይልም። ሥዕሉ ላይ አፉን ከፍቶ እንባው የሚወርድ ሕፃን አለ እንበል። «ሂ ማስት ቢ ክራይንግ» የሚል ሰው ሥዕሉን ያላየ ይመስላል፤ ማልቀሱ ይታያልና «ሂ ኢዝ ክራይንግ» ነው የሚባለው። የተዘጋ በር ሆኖ ድምፁ ብቻ ቢሰማ ግን ማስት ቦታውን ያገኝ ነበር። የቋንቋ ሊቁ ላውሪ ካርቱነን በ1972 በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ አንስቶ ነበር፦ በሎጂክ ሲታይ ማስት ከተራው ዓረፍተ ነገር የሚበረታ ይመስላል፣ ሰው ሲናገረው ግን ከተራው ይደክማል። ማስት ጠንካራ ቢሆንም «አላየሁትም፣ ከሌላ ነገር ተነስቼ ነው» የሚል ምልክት ይዞ ይመጣል። የእኛው «ማለት ነው»ም እንዲሁ ነው። ዝናብ ላይ ቆሞ እየረጠበ «እየዘነበ ነው ማለት ነው» የሚል ሰው ያስቃል፤ ቤት ውስጥ ሆኖ ሌላ ሰው ሲገባ ጃኬቱ መርጠቡን አይቶ ቢል ግን ማንም አይስቅበትም።

ይህ ለሥዕል ጥያቄ ቁልፍ ነው። ሥዕሉ ላይ የተሳለው ነገር ራሱ ባዶ ቦታው ውስጥ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ያልተሳለው ነው፦ ምክንያቱ፣ ከዚያ በፊት የሆነው፣ ባለቤቱ፣ ሰውየው የሄደበት። የሕፃኑ እንባ ተስሏል፤ ረሃቡ ግን አልተሳለም። ሕፃን በረሃብ፣ በእንቅልፍ፣ በሕመም ወይም እናቱን በማጣት ያለቅሳልና «ሂ ማይት ቢ ሀንግሪ»። ሥዕሉ ላይ አሁን የተጠባ ባዶ ጡጦ ቢጨመር ረሃብ ከዝርዝሩ ይወጣና «ሂ ካንት ቢ ሀንግሪ» ይሆናል። ልቅሶው ያው ነው፣ ሕፃኑም ያው ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ። ተማሪዬ ሦስት ባዶ ሳህን ከፊቱ ደርድሮ ቀበቶውን ከሚያላላ ሰው ሥዕል ሥር «ሂ ማስንት ቢ ሀንግሪ» ብሎ ጽፏል። ማስንት ክልከላ ነው፦ እዚህ ማጨስ ክልክል ነው፣ ለማንም እንዳትናገር። የልጁ ዓረፍተ ነገር «እንዳይርበው ተከልክሏል» የሚል ሆኖ ቀረ። በግምት ጊዜ የማስት ተቃራኒ ካንት ነው፤ ምክንያቱንም ከኳሶቹ አይተናል። ለፍትሕ ያህል፣ አሜሪካውያን ሳያሳጥሩ «ሂ ማስት ኖት ቢ ሆም» ሲሉ ይሰማል፤ በሩን ደጋግመው አንኳኩተው የሚከፍት ሲጠፋ፣ «የለም ማለት ነው» ለማለት። ከካንት ትንሽ ይለሰልሳል። ጸሐፊው ይህንን ሰምተው ይሆናል። ነገር ግን ሦስቱን ብቻ በሚያቀርብ መልመጃ ላይ የሚጠበቀው ካንት ነው፣ አጥሮ የተጻፈው ማስንትም ክልክል ተብሎ ነው የሚነበበው።

እዚሁ ላይ ልጁ ሌላም ቦታ ተደናብሯል፤ «ማይት ኖት»ን ከካንት ጋር አንድ አደረጋቸው። አማርኛ እዚህ ከማንም በላይ ግልጽ ነው። «ላይመጣ ይችላል» እና «ሊመጣ አይችልም» የሚሉትን አስተያዩ። በመጀመሪያው አሉታው የተቀመጠው መምጣቱ ላይ ነው፣ «ይችላል» ሳይነካ ቀርቷል፤ ሁለቱም በር ክፍት ነው። በሁለተኛው አሉታው የወደቀው «ይችላል» ላይ ነው፤ በሩ ተዘጋ። «ማይት ኖት» የመጀመሪያው ነው፣ ካንት ሁለተኛው ነው። እግረ መንገዴን፣ ካንት ስላለ ብሎ ለአዎንታው «ኢት ካን ቢ ሂም» የሚል ተማሪም አይጠፋም። ስለ አንድ የተወሰነ ሁኔታ በአዎንታ ስንገምት ካን አያገለግልም፤ ማይት፣ ሜይ ወይም ኩድ ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጨርሶ አልስማማም። አንድ ሥዕል ልዘርጋና አብረን እንሙላው። ጠረጴዛ አለ። ላዩ ላይ እንፋሎቱ የሚታይ የሻይ ኩባያ፣ የተከፈተ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ላይ የተቀመጠ መነጽር አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ መደገፊያው ላይ ኮት ተሰቅሏል። ሰው የለም። ከላይ «ይህ የሳራ ጠረጴዛ ነው» ተብሏል። ሥዕሉን ደህና አድርገን አይተናል፤ አሁን ዓረፍተ ነገሮቹ ይምጡ።

የመጀመሪያው «ሳራ ___ ቢ ፋር አዌይ፤ ሀር ቲ ኢዝ ስቲል ሆት» ይላል። ሻይዋ ገና ትኩስ ነው። ሻይ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ከተነሳች ብዙ አልቆየችም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሩቅ መድረስ አይቻልም። «ሩቅ አልሄደችም ማለት ነው።» ካንት። ልብ በሉ፣ ከሥዕሉ ብዙ ዕቃዎች ውስጥ የትኛው ማስረጃ እንደሆነ የነገረን የዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው «ሺ ___ ሃቭ ጎን ሆም፤ ሀር ኮት ኢዝ ስቲል ሂር» ነው። አንድ ተከራካሪ ተማሪ ሁልጊዜ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ ኮቷን ረስታ ብትሄድስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ማስትና ካንት አማራጭ የሚዘጉት ነገሮች እንደ ልማዳቸው ከሄዱ ብለው ነው። ሳራ በምትሃት ተሰውራ፣ ሻዩን ሌላ ሰው አምጥቶ፣ ኮቱንም ረስታ ሄዳ ከሆነ ብለን ከጀመርን ዓለም ላይ በማስት የሚነገር አንድም ነገር አይኖርም። ፈተናው የሚፈልገው ተራውን የሕይወት አካሄድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ «ኮቷ ገና እዚህ ነው» ብሎ እንደ ማስረጃ ካቀረበው፣ እንደ ማስረጃ ተቀበሉት። ካንት። ዓረፍተ ነገሩ ኮቱን ባያነሳ ኖሮ የልጁ ክርክር ክብደት ይኖረው ነበር።

ሦስተኛው «ሺ ___ ቢ ኢን ኤ ሚቲንግ፣ ኦር ሺ ___ ቢ አውትሳይድ» ነው። እዚህ ሥዕሉን እስከ ማታ ብታዩት መልስ አይሰጣችሁም። መልሱ ያለው «ኦር» ላይ ነው። ተናጋሪው ሁለት አማራጭ አንስቶ ሁለቱንም ክፍት ትቷል፤ ሁለቱም ባዶ ቦታ ማይት ይሆናል። «አይም ኖት ሹር» የሚል ጅራት ሲመጣም ያው ነው።

አራተኛውን ራሴ ከዓመታት በፊት ያወጣሁት ጥያቄ ነው፣ ተሳስቼበታለሁም፦ «ዘ ግላስስ ___ ቢ ሀርስ»፣ መነጽሩ የእሷ… ነጥቡ ላይ አለቀ። የመልስ ቁልፌ ማስት ይል ነበር፤ ጠረጴዛው የእሷ ነው፣ መጽሐፉን ስታነብ ነበር፣ ስለዚህ መነጽሩ የእሷ ነው። ከክፍሉ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ማይት ጻፉ። አንዷ ተነስታ «ከጎኗ የተቀመጠ ሰው አውልቆት ቢሆንስ? ሥዕሉ ላይ ሳራ መነጽር እንደምታደርግ የሚያሳይ ነገር የለም» አለች። ሰው ኮቱን ረስቶ ከመሄዱ ይልቅ የሌላ ሰው መነጽር ጠረጴዛ ላይ መገኘቱ በጣም የተለመደ ነው፤ የልጅቷ አማራጭ ምትሃት አልነበረም። ጥያቄው ሁለት መልስ ነበረው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚጠገነው በጅራቱ ነው። «ኖባዲ ኤልስ ዩዝስ ዚስ ዴስክ» ቢጨመርበት፣ ሌላ ሰው ጠረጴዛውን አይጠቀምበትምና ማስት ብቻ ይሆናል። «በት አይቭ ኔቨር ሲን ሀር ዌር ዜም» ቢጨመርበት፣ አድርጋ አይቻት አላውቅም ማለት ነውና ማይት ብቻ ይሆናል። «ሳራ ዳዝንት ዌር ግላስስ» ቢጨመርበት ደግሞ፣ መነጽር አታደርግምና ካንት ይሆናል። ሥዕሉ ላይ አንድ መስመር አልተለወጠም፤ መልሱ ግን ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ። ዓረፍተ ነገሩን ሳያነብ የሞላ ሰው የትኛውን ሊያገኝ ነው?

ጅራት ፈልጉ ስል ግን «ቢኮዝ ካየህ ማስት» የሚል አዲስ አቋራጭ መስጠቴ አይደለም። ቢኮዝ ከየትኛው ወገን እንዳለ ይታይ። «ሺ ማስት ቢ ኒር ቢኮዝ ሀር ቲ ኢዝ ሆት» ሲባል ከቢኮዝ በኋላ የመጣው ማስረጃው ነው። «ቴክ ኤ ጃኬት ቢኮዝ ኢት ___ ሬይን» ሲባል ግን ባዶ ቦታው ራሱ ከቢኮዝ በኋላ ነው፤ ጃኬት ያዝ፣ ሊዘንብ ይችላል፤ ማይት ነው። ማስረጃ የሆነው የትኛው ግማሽ፣ ግምት የሆነው የትኛው ግማሽ እንደሆነ መለየት ይቀድማል።

«ማይት ስህተት አይሆንም» የሚለው ለምን እውነት እንደሚመስል ይገባኛል። ደረጃው ላይ ያለው ሰውዬ በእርግጥ ደክሞት ከሆነ፣ «ደክሞት ሊሆን ይችላል» ያለ ሰው አልዋሸም። ነገር ግን ሁሉም ተማሪ ገብቶ ሳለ «የተወሰኑት ገብተዋል» ብሎ እንደሚናገር ሰው ነው፤ ሰሚው የቀሩ አሉ ብሎ ይረዳዋል። ማይት ስትሉም ሰሚው «ሌላ አማራጭ ታይቶታል ማለት ነው» ይላል፤ የለም። መልመጃው የሚፈልገው ማስረጃው የሚፈቅደውን ያህል ጠንካራ የሆነውን ነው። ይህ ማስት ለሚሞላበት ቦታ ነው። ካንት ለሚሞላበት ቦታ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ማይት እዚያ ለስላሳ መልስ መሆኑ ቀርቶ ቀጥተኛ ተቃራኒ ነው። ሻዩ እየጨሰ «ሳራ ሩቅ ሄዳ ሊሆን ይችላል» ያለ ሰው የተዘጋውን በር ክፍት ነው ብሏል። ተማሪዬ ከሳታቸው ስድስቱ ሦስቱ በዚህ ምክንያት የተሳቱ ነበሩ፤ ተጠራጥሮ ማይት የጻፈባቸው።

የሳራን መነጽር በተመለከተ፣ ያን ጊዜ ለማስትም ለማይትም ማርክ ሰጠሁ፤ በሚቀጥለው ፈተና ላይ ያቺው ተማሪ መጀመሪያ ያነበበችው ጅራቱን ነበር።